ሶፋ በየወሩ ክፍያ ወይስ በካሽ፦ ሻጮች ሁለቱንም ዋጋ ይለጥፉ?

ጥያቄ፦ «እዚህ ደሴ ሶፋም ስልክም በየወሩ ክፍያ ስትገዙ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቅድሚያውና የወሩ ብቻ ነው። ሻጮች የካሹን ዋጋና ጠቅላላ ድምሩን ጎን ለጎን እንዲለጥፉ መገደድ አለባቸው? ልዩነቱስ ያን ያህል ነው ወይ?»

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ
መገደድ አለባቸው። አንድ ሶፋ እንያዝ። የተለጠፈው ዋጋ 48,000 ብር ነው እንበል። በክፍያ ከሆነ 12,000 ቅድሚያ፣ ከዚያ ለ6 ወር በየወሩ 7,800። ሲደመር 58,800 ነው፤ ጭማሪው 10,800። ሻጩ «ከ48,000 ላይ 22 በመቶ ገደማ ነው» ይላችኋል። ግን 12,000ውን የዚያኑ ቀን ከፍላችኋል፤ ዕዳችሁ 36,000 ነው። እሱም ስድስት ወር ሙሉ እጃችሁ ላይ አይቆይም፤ በየወሩ ይጎድላል።

በወር 8 በመቶ ብላችሁ ሞክሩት። በመጀመሪያው ወር የ36,000 ስምንት በመቶ 2,880 ነው። ከከፈላችሁት 7,800 ላይ ይህ ሲነሳ ከዕዳው የወረደው 4,920 ብቻ ነው፣ 31,080 ይቀራል። በሁለተኛው ወር 2,486 ለጭማሪው ይሄድና 25,766 ይቀራል። እንዲህ እያላችሁ ስትወርዱ ስድስተኛው ወር ላይ የሚፈለግባችሁ 7,706 ነው፣ የምትከፍሉት ግን 7,800። ስለዚህ እውነተኛው ከ8 በመቶ ትንሽ ያልፋል። ይህ የወር ነው፣ የዓመት አይደለም።

የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ
ያ ጀመዓ፣ ነጋዴውንም አስቡት እንጂ። በካሽ የሸጥኩትን ብር ይዤ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ዕቃ አስገባበታለሁ። በክፍያ ከሆነ ብሬ ገዢው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ወር ከፍሎ ስልኩን የሚያጠፋም አለ። ሶፋውን መልሼ ብወስድ ያገለገለ ነው፣ በግማሽ ዋጋም የሚነሳ አይደለም።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ
ክርክርህ ሚዛን አለው፣ ግን በቁጥር እንየው። ከአስር ገዢ አንዱ ቅድሚያውንና ሁለት ወር ከፍሎ ቢጠፋ አራት ክፍያ ቀረብህ፣ 31,200 ብር ነው። አስሩም ቢጨርሱ የምታገኘው ጭማሪ ግን 108,000 ነበር። የጠፊው ከዚያ ላይ ተነስቶ 76,800 ይተርፍሃል። ብርህ ሳይሽከረከር በመቆሙ የቀረብህን ትርፍ ከዚህ ላይ ማንሳት ያንተ መብት ነው፣ ስንት እንደሆነም የምታውቀው አንተ ነህ። ጭማሪ ለምን ኖረ አላልኩም፤ ገዢው አይቶት ይፈርም ነው ያልኩት።

ከሐይቅ
ለእኛ ጥያቄው ሌላ ነው። ወለድ ሆነ እንዴ? ዋጋው አንዴ 58,800 ተብሎ ከተቆረጠ ንግድ ነው፣ ሐላል ነው። በመቶኛ ማስላቱ ለምን አስፈለገ?

መምህርት፣ ወልዲያ
አብሽር፣ ሁለቱ አይጋጩም። አንዴ የተቆረጠ ዋጋ ሽያጭ ነው ማለትህን አልነካውም፣ ፍርዱም የሸኾቹ ነው። መቶኛው ግን ሐላል ሐራም ለመለየት አይደለም፤ ሁለት ሱቆችን ለማወዳደር ነው። ውሉ ላይ የምታየው ሌላ ነገር አለ፦ ቀን ሲያልፍ «በየቀኑ ይህን ያህል ይጨመራል» የሚል ቅጣት። እሱ ካለ ዋጋው አልተቆረጠም ማለት ነው፣ ሸኹንም መጠየቅ ያለብህ ስለዚያ መስመር ነው። ስልክ ከሆነ ደግሞ አንድ ክፍያ ሲያልፍ ስልኩ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ከተከፈለስ በኋላ በስንት ቀን እንደሚከፈት አስጽፍ። በስልኩ ሥራ ለሚሠራ ሰው ሦስት ቀን ተቆልፎ መቆየቱ ራሱ ወጪ ነው።

የሆጤ ልጅ
ወላሂ እናንተ ሒሳብ ስታሰሉ ዕቃው ይወደዳል። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ምን እንደሆነ ረሳችሁት? ከዚያ በፊት በክፍያ የፈረመ ሰው በድሮው ዋጋ እየከፈለ ጨረሰ። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ባጃጅም በክፍያ ቢገኝ ነገ እፈርማለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ
ባጃጁ ሌላ ነው፣ ገቢ ያመጣል፤ ከዕለት ገቢው ጋር ነው የሚመዘነው። ስለ 2016ቱ ልክ ነህ፣ የወሩ ክፍያ በብር ተቆርጦ ለነበረ ሰው ጠቅሞታል። ግን ዕቃው ስንት ሲወደድ ነው የሚጠቅመው? ያንኑ 12,000 ይዘህ በየወሩ 7,800 እቁብ ብትጥል ወይም ብታስቀምጥ፣ በአምስተኛው ወር 51,000 አለህ። ሶፋው በካሽ ተከራክረህ 45,000 የሚገኝ ከሆነ፣ እንዳትደርስበት በአምስት ወር ውስጥ ከ13 በመቶ በላይ መወደድ አለበት። በስድስተኛው ወር 58,800 ይሆንልሃል፤ እዚያ ላይ ከክፍያው ጋር የሚተካከለው ዋጋው 30 በመቶ ገደማ ሲዘል ነው። ይህ ሆኖ ያውቃል፣ በየስድስት ወሩ ግን አይሆንም።

መምህርት፣ ወልዲያ
አሁን 45,000 አልክ፣ ቅድም 48,000 ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ
ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ በደንብ አየሽው። ካሽ የያዘ ሰው የተለጠፈውን አይከፍልም፣ ይከራከራል። በክፍያ የሚገዛ ግን ቅናሽ አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም አያገኝም። ስለዚህ መነሻው የተለጠፈው ሳይሆን ካሽ ቆጥረህ የምትወስድበት ዋጋ ነው። በ45,000 ብንነሳ ዕዳው 33,000 ይሆናል፣ የወሩ ክፍያ ያው 7,800 ነው። ስልክ ላይ ኤክሴል ያለው ይህን ይጻፍ፦

```
=RATE(6,-7800,33000)
```

11 በመቶ ይላችኋል። የ3,000 ብር ቅናሽ መቅረቱ የወሩን ዋጋ ከ8 ወደ 11 አወጣው። ሱቅ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካሽ ብከፍል መጨረሻው ስንት ነው?» ይሁን፤ በክፍያ እንደምትፈልጉ ከተናገራችሁ በኋላ ያ ዋጋ አይነገራችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ብር ሲገኝ ቀድሜ እዘጋዋለሁ» የሚል ብዙ ሰው አለ። በ8 በመቶው ሒሳብ ሦስት ወር ከፍላችሁ ብትዘጉ እውነተኛው ቀሪ 20,027 ነው። ውሉ ቀድሞ ለሚዘጋ ቅናሽ ካልጻፈ ግን ሦስቱንም ክፍያ፣ 23,400 ትከፍላላችሁ። በቃል የተባለ ቅናሽ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ
እሺ፣ ለጥፉ ተብለን ተገደድን እንበል። የትኛውን የካሽ ዋጋ ነው የምለጥፈው? 45,000 የምለው ለተከራከረኝ ነው፤ ያንን ከለጠፍኩ ደግሞ ሰው ከ42,000 ይጀምራል።

መምህርት፣ ወልዲያ
እኔንም ከግዴታው የሚያስፈራኝ ይኼው ነው። አንዱ የካሹን ዋጋ 55,000 ብሎ ይለጥፍና የክፍያው ጭማሪ 3,800 ብቻ ይመስላል። ግዴታው የባሰ መሸፈኛ ይሆናል። ጠቅላላ ድምሩን ውሉ ላይ ማስጻፉን ግን እደግፋለሁ፣ እሱ መደበቂያ የለውም።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ
ደረሰኝ የተቆረጠበት የካሽ ሽያጭ ዋጋ ቢሆንስ?

የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ
በየሳምንቱ ይለያያል እኮ። የሰኞውና የቅዳሜው ደረሰኝ አንድ አይደለም።