«የመጀመሪያ ቤቴ» ለእናት እንዴት ይባላል?

እህቴ ከውጭ አገር ሆና፣ በጥር 11 ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዳር የተነሳነውን የእማዬን ፎቶ አይታ ከሥሩ የሚጻፍ እንግሊዝኛ ላከችልኝ። «ወደ አማርኛ መልሰሽ በፍሬም ስጫት» አለችኝ። ፒያሳ ያለው ፎቶ ቤት ጽሑፉን እየጠበቀ ነው፤ እኔ ግን ተጣብቄያለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ይኸው፦

«ለእኔ ስትዪ ለከፈልሽው መስዋዕትነት ሁሉ አመሰግናለሁ። ቃላት ከሚገልጹት በላይ ትናፍቂኛለሽ። የመጀመሪያ ቤቴ አንቺ ነሽ።»

ጮክ ብዬ ሳነበው የስብሰባ ንግግር መሰለኝ። እማዬን ማንም እንዲህ አናግሯት አያውቅም። «መስዋዕትነት» ዜና ላይ የምንሰማው ቃል ነው። እሷ ያደረገችው ግን የሚታይ ነገር ነው፤ እንጀራው ሲያንስ «ጠግቤያለሁ» ትል ነበር። ስለዚህ «ከጉሮሮሽ ነጥለሽ ላሳደግሽኝ» አልኩት። አሁን የእህቴ ድምፅ ተሰማኝ። «ቃላት ከሚገልጹት በላይ» የሚለውንም ትቼ «እማዬ፣ ናፍቆትሽ አላስችል አለኝ» አደረግኩት።

የቀረኝ የመጨረሻው ነው። «ቤቴ» ስል ጎረቤታችን እትዬ «የቱን ቤት ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለው፣ አንዱ ለግድግዳው፣ አንዱ ለሚሞቀው። እኛ ለሁለቱም ቤት ነው የምንለው። «መጠጊያዬ» ብል ጸሎት ሆነብኝ። «ማህፀንሽ» ማለትም ለሳሎን ግድግዳ ከበደኝ።

«የትም ብሄድ ቤት የምለው አንቺ ያለሽበትን ነው» ብለውስ? ትርጉሙ ደርሷል፣ ግን «የመጀመሪያ» የሚለው ጠፋ፤ እህቴ ደግሞ እሱን ቃል በጣም ትወደዋለች። አጠር አድርጎ ሁለቱንም የሚይዝ አባባል ያላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።