ከመንግሥት ወደ ግል ድርጅት፦ ጡረታዬ ምን ይሆናል?

ጠያቂው፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የግል ድርጅት 20 ሺሕ ብር አቅርቦልኛል። ብሄድ 14ቱ ዓመት ይቃጠልብኛል? መሄዱስ ያዋጣል?

አስተማሪው፦ አይቃጠልም። በሁለቱም በኩል የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ስለዚህ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም፣ ሂድ።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦ አገልግሎቱ እንደሚደመር ትክክል ነህ ወንድሜ። ምንም አይለወጥም ባልከው ግን አልስማማም። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ደመወዝ ሲባል ደግሞ እንደ ቤትና ትራንስፖርት ያለ አበል አይገባበትም። ጠያቂው የግል ድርጅት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቶ በ60 ዓመቱ ይውጣ እንበል። በድምሩ 25 ዓመት አለው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ለቀሪው 15 ዓመት በየዓመቱ 1.25 ሲታሰብ 48.75 በመቶ ይደርሳል። 20 ሺሑ በሙሉ ደመወዝ ከሆነ በወር 9,750 ብር ያገኛል። ውሉ ላይ 8 ሺሕ ደመወዝ፣ 12 ሺሕ የቤትና የትራንስፖርት አበል ተብሎ ከተጻፈ ግን 3,900 ብር ብቻ ነው። ያው ሥራ፣ ያው ክፍያ!

ነጋዴው፦ በጡረታው ፈንታ ለፕሮቪደንት ፈንድ ይክፈሉልህ በላቸው፣ ስትለቅ ጠቅለል አድርገህ ትወስዳለህ።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦ እሱ በፊት ፈንድ ለነበራቸው የተተወ ምርጫ ነው። ጠያቂው የጠየቀው ደግሞ ስለ ጡረታ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የኔን ልንገራችሁ። ከመንግሥት ለቅቄ አንድ ድርጅት ገባሁ። በየወሩ ፔሮሉ ላይ 7 በመቶው ሲቆረጥ አያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጡረታ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ በስሜ የገባ ገንዘብ የለም ተባልኩ። እስካሁን እየተሟገትኩ ነው። የደመወዝ ወረቀቶቼን ባላስቀምጥ ምን ይዤ እከራከር ነበር? ወንድሜ፣ ከመንግሥት ስትለቅም የቅጥር ደብዳቤህንና የአገልግሎት ማስረጃህን ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ሹፌሩ፦ እኔ ግን በእጄ የሚገባውን እመርጣለሁ። ልጆቼ አሁን ነው ትምህርት ቤት የሚገቡት። ደመወዙን ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ማስተካከል ይቻላል።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ፦ ያንን አሠሪው እሺ ካለ ነው። አንተ ከዚያ በፊት ብትሞትስ? ለባለቤትህ የሚደርሳት ከጡረታ አበልህ ግማሹ ነው፣ እሱም የሚሰላው በዚያው ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። ለልጅ ደግሞ 20 በመቶ።

ሹፌሩ፦ እሱንስ እውነትሽን ነው። ግን ረሃቡም እውነት ነው እህቴ።

ጠያቂው፦ የቅጥር ውሉን አሁን አየሁት። «ደመወዝ» የሚለው ቦታ ላይ 9 ሺሕ ተጽፏል። ነገ 15 እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ። እንቢ ካሉ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም።