የዕቅድ ውይይት፦ ሞተረኛ ከመቅጠራችን በፊት ትእዛዙ የት ላይ እንደሚቆም እንወቅ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን አባላት። የጋራ ፕሮፖዛሉን እስከ ሐሙስ መጨረስ አለብን። በቴሌግራም የምንሸጥ ሁላችንም አንድ ዓይነት ስሞታ ነው የምንሰማው። ደንበኛው “ዘገያችሁ” ይላል፣ ወይም ገና ሳንልክለት ይሰርዛል። የኔ ሐሳብ ገንዘብ አዋጥተን ሦስት ሞተረኞች በወር ደመወዝ እንቅጠር ነው። አስተያየታችሁን ጻፉ።

ጫማ ሻጭ፦ እኔ እደግፋለሁ። ግን ቁጥር ይዘን እንሂድ። እያንዳንዳችን ከትእዛዝ እስከ ማድረስ ያለውን አማካይ ሰዓት እናውጣ። እኔ አውጥቼዋለሁ፣ ሁለት ቀን አይሞላም።

መዝገብ ያዥ፦ ቁጥር ይዘን እንሂድ ማለትህ ትክክል ነው ወንድሜ። ችግሩ አማካይህ ውስጥ የገቡት የደረሱት ትእዛዞች ብቻ መሆናቸው ነው። ጠብቆ ጠብቆ የተወው ሰው የማድረሻ ሰዓት ስለሌለው ከስሌቱ ይወጣል። በጣም ያስጠበቅነው ሰው ጠፍቶ ቁጥሩ ያምራል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲታይ አሥር ትእዛዝ በምሳሌ ላስቀምጥ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያወጣኋቸው ናቸው። ሰባቱ ደረሱ፤ የፈጁት ሰዓት 20፣ 24፣ 26፣ 28፣ 30፣ 50 እና 102 ነው። አማካዩ 40 ሰዓት ይመጣል። ይሄ 40 ግን የማንንም ደንበኛ ጊዜ አያሳይም፤ ያቺ አንድ 102 ጎትታው ነው። ሰዓቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መሃሉ ላይ ያለውን ብናይ 28 እናገኛለን። በኤክሴል `MEDIAN` የሚባለው እሱ ነው።

አሁን የቀሩትን ሦስቱን እንመልስ። ከ48፣ ከ52 እና ከ60 ሰዓት በኋላ ተሰርዘዋል። ከደረሱት ብቻ ከቆጠርን በሁለት ቀን ውስጥ ያደረስነው ከሰባት አምስት ነው። ካዘዙት ሁሉ ከቆጠርን ግን ከአሥር አምስት ነው፣ ግማሽ ማለት ነው። ደንበኛው የሚያየው ሁለተኛውን ነው።

ጫማ ሻጭ፦ እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ታዲያ መዘግየቱ ካለ ሞተረኛው አይደለም የሚፈታው?

መዝገብ ያዥ፦ እሱን ነው ሳንለካ የማናውቀው። በዚያው ምሳሌ ልቀጥል። እስከ 30 ሰዓት የደረሱት አምስቱ ሱቅ ውስጥ ያለ እቃ የታዘዘባቸው ናቸው እንበል። የቀሩት አምስት ደግሞ ፎቶው ብቻ ተለጥፎ፣ ሰው ካዘዘ በኋላ መርካቶ ተሄዶ የሚመጣ እቃ። ከነዚህ ሁለቱ ብቻ ደረሱ፣ ሦስቱ ተሰረዙ። በሰባቱም ሞተረኛው መንገድ ላይ የቆየው ከሦስት ሰዓት በታች ነው። እንዲህ ከሆነ ሦስት ሞተር ብንጨምርስ ምን ይለወጣል? የተሰረዙት እኮ ሞተር ጋ አልደረሱም። የኛ መዝገብ ይሄን ያሳይ ሌላ ገና አላየንም፤ ግን ሳናይ ደመወዝ መክፈል የለብንም።

ኮስሞቲክስ ሻጭ፦ እኔ ጋ ያለው ችግር መሰረዝ ነው። ባለፈው አንዷ ደንበኛ ሳሚት ድረስ ልኬላት፣ በር ላይ ከፍታ አየችና “ቀለሙ አልተመቸኝም” ብላ መለሰችው። የሞተሩን ከኪሴ ከፈልኩ። ይሄ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባልኝ።

መዝገብ ያዥ፦ ያበሳጫል እህቴ። ግን እሱ ሌላ ነገር ነው። እቃው ወጥቶ ሄዶ የተመለሰ ነው፤ መነሻውም ፎቶው ወይም የእቃው ዓይነት ነው። ከመላክ በፊት የተሰረዘው ደግሞ እጃችን ላይ እያለ የጠፋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካስገባን ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። “ከበር ተመለሰ” የሚል የራሱ አምድ እናድርግለት።

ሞተረኛ አባል፦ እኔም ልናገር። እናንተ “ለሞተረኛ ሰጠሁ” ብላችሁ ጽፋችሁ እኔ ግን ገና ቆሜ ይሆናል። ወደ አያት የሚሄድ አንድ እቃ ብቻ ይዤ አልወጣም፣ ነዳጅ አይሸፍንልኝም። ወደዚያው አቅጣጫ አራት አምስት እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ከተነሳሁ በኋላ ፈጣን ነኝ።

መዝገብ ያዥ፦ በጣም ጥሩ ነገር አነሳህ። ስለዚህ “ተሰጠ” እና “ተነሳ” ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ይሁኑ። የሚጓተተው በዚህ መሃል ከሆነ መፍትሔው ተጨማሪ ሞተር ላይሆን ይችላል። የኛን እቃ አጠራቅመን በአቅጣጫ በአቅጣጫ ብንሰጥህ በቂ ይሆን ይሆናል።

አምዶቹን እንዲህ አስቤአለሁ፦ ታዘዘ፣ በስልክ ተረጋገጠ፣ እቃው እጅ ገባ፣ ተሰጠ፣ ተነሳ፣ ደረሰ። ከተሰረዘ ደግሞ የተሰረዘበት ሰዓት።

ሰብሳቢ፦ የተሰረዘበት ምክንያትም ይጻፍ እንጂ።

መዝገብ ያዥ፦ ይጻፍ፣ ግን አንመካበት። ሦስት ቀን አስጠብቀነው የሄደውንም ሰው “ደንበኛው ሐሳቡን ቀየረ” ብለን ነው የምንጽፈው። ምክንያት የጻፊው ግምት ነው። ትእዛዙ ሲሰረዝ የትኛው ደረጃ ላይ እንደነበር ግን ከአምዱ በቀጥታ ይታያል። “ተረጋገጠ” ተሞልቶ “እጅ ገባ” ባዶ ከሆነ፣ እቃ ፍለጋ ላይ እያለን ነው ያጣነው። “ተረጋገጠ” ራሱ ባዶ ከሆነ ቶሎ አልደወልንም፣ ወይም ስልኩ አልተነሳም።

የልብስ ሻጭ፦ ሰዓቱን በምን እንጻፍ? እኔ ደብተሬ ላይ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ቴሌግራም ግን በራሱ ነው የሚያሳየው።

መዝገብ ያዥ፦ እሰይ፣ ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። ቴሌግራሙ 10:00 ይላል፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሞተረኛው “9:30 አደረስኩ” ብሎ ይጽፋል፣ የከሰዓቱን ዘጠኝ ተኩል። እውነቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ኤክሴል ግን ሳይታዘዝ ደረሰ ይልሻል፣ ከዜሮ በታች ይወጣል። ይሄኛው ደግነቱ ያስታውቃል። የማያስታውቀው ተቃራኒው ነው። ሞተረኛው “5:00 ተነሳሁ” ይላል፣ የደረሰበትን ደግሞ 13:00 ከገባው የቴሌብር መልእክት እንወስዳለን። ሁለት ሰዓት የነበረው መንገድ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ማንም አይጠረጥርም። ሁላችንም ስልኩ የሚያሳየውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ እንጻፍ። ቀኑንም እንደዚሁ።

የልብስ ሻጭ፦ እሑድና ሌሊቱስ ይቆጠራል? ቅዳሜ ማታ የታዘዘ እስከ ሰኞ መርካቶ አይገኝም። እኔን ሰነፍ ያስመስለኛል።

ጫማ ሻጭ፦ ደንበኛው ግን እሑድንም እየጠበቀ ነው።

መዝገብ ያዥ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የተጻፈው ሰዓት እንዳለ ይቀመጥ። ሥራ ቀን ብቻ እንቁጠር ካልን በኋላ መቀነስ ይቻላል፤ መጀመሪያ ያልተጻፈ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ሞተረኛ መቅጠሩን ለጊዜው ከረቂቁ አወጣዋለሁ። በምትኩ “አባላት ለአንድ ወር በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ይመዘግባሉ” የሚል ይገባል። ግን እዚያው ላይ ቀብድ እንጨምር። ከመርካቶ ለሚመጣ እቃ ደንበኛው ግማሹን በቴሌብር ይላክ። መሰረዝ ይቀንሳል።

መዝገብ ያዥ፦ ሊቀንስ ይችላል። ግን በመለኪያው ወር ከጀመርነው መሰረዙ በቀብዱ ቀነሰ ወይስ ዱሮም ያን ያህል አልነበረም የሚለውን መለየት አንችልም። ደግሞ በቀብዱ ምክንያት ሳያዝ የሚሄደው ሰው መዝገብ ላይ አይታይም።

ሰብሳቢ፦ አንድ ወር ሙሉ እየከሰርን እንቁጠር ነው የምትይኝ? እኔ በዚህ አልስማማም። ግማሹ አባል ቀብድ ይጀምር፣ ግማሹ ይቆይ።

ኮስሞቲክስ ሻጭ፦ ያኛው ሱቅ ቀብድ ሳይጠይቅ እኔ ከጠየቅሁ ደንበኛዬ ወደሱ ይሄዳል። ይሄ አይሆንም። ሌላም አለ፤ የደንበኞቼን ስልክ የጋራ ሰንጠረዥ ላይ አላስገባም።

መዝገብ ያዥ፦ ማንም እንዳያስገባ። ስምም ስልክም አያስፈልግም፤ የትእዛዝ ቁጥር፣ ሰፈርና ሰዓቶቹ ይበቃሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስላለ ይሄ ረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወሩ ሲያልቅ ያልደረሱም ያልተሰረዙም ትእዛዞች ይኖራሉ። እነሱን እንዳታጠፏቸው፣ “ገና” ብላችሁ ተዉአቸው።

ሰብሳቢ፦ ሰንጠረዡን ነገ አያይዛለሁ። ቀብዱ ላይ ሐሙስ ድምፅ እንሰጣለን። ሞተረኛው አባላችን የ“ተነሳ” ሰዓትን ማን እንደሚጽፍ ሐሳብ ያምጣልን፣ መሪ ይዞ መጻፍ ስለማይችል።