የባለቤቴ ልጅ «ለአራት እንካፈል» ይለኛል፤ የእኔ ድርሻ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ የገርጂዋ እናት

ባለቤቴ ካረፈ አራት ወር ሆነው። ኑዛዜ አልተወም። ከእኔ ሁለት ልጆች አሉት፤ ትንሹ ገና 15 ዓመቱ ነው። ከእኔ በፊት የወለደው ትልቅ ልጅም አለው። ያለን ንብረት ከተጋባን በኋላ የደረሰን ኮንዶሚኒየም (ካርታው በእሱ ስም ነው)፣ አንድ መኪና፣ ባንክ ያለ ገንዘብና ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው የደብረ ብርሃን ቤት ነው። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ አላለቀም። ትልቁ ልጅ በጨዋ ደንብ «ሁሉም ይደመርና ለአራት እንካፈል፤ እርስዎም እንደ አንድ ልጅ» ይላል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «የሁሉም ግማሽ የአንቺ ነው» ይሉኛል። ማን ነው ልክ?

የመርካቶ ነጋዴ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጁ ተሳስቷል። ግማሹ በመጀመሪያ የእርስዎ ነው። ከቀረው ግማሽ ላይ ደግሞ ሚስት ስለሆኑ ከልጆቹ ጋር እኩል አንድ ድርሻ ይወስዳሉ። አጎቴ ሲሞት በሽማግሌ የተካፈሉት እንዲህ ነው።

ባለ ጥቁር ካባው

ነጋዴው ወንድማችን የመጀመሪያውን ግማሽ አግኝቶታል፤ ሁለተኛው ግን ሕጉ ውስጥ የለም። በሽማግሌ ተስማምቶ መስጠት ይቻላል፣ የአጎቱ ልጆች ለእናታቸው ሰጥተው ይሆናል። ፍርድ ቤት ከተደረሰ ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 ያለ ኑዛዜ ወራሽ የሚላቸው ልጆችን ነው። ሚስት ወይም ባል በወራሾቹ ተራ ውስጥ ስማቸው አልተጻፈም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ እኔም ጨካኝ ሕግ መስሎኝ ነበር፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

ሰው ሲሞት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ጋብቻው ይፈርሳል፣ ውርሱም ይከፈታል። ሟች ለወራሾቹ ሊያስተላልፍ የሚችለው የራሱ የነበረውን ብቻ ስለሆነ፣ የእሱ የትኛው ነው የሚለው ሳይለይ ውርስ ማካፈል አይቻልም። ሁለት ሰዎች በእኩል ገንዘብ ሱቅ ከፍተው አንዱ ቢሞት ልጆቹ የሱቁን ግማሽ ይወርሳሉ እንጂ የሌላውን ሸሪክ ድርሻ አይነኩም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እርስዎ ግማሹን የሚወስዱት በውርስ አይደለም። ባለቤትዎ በሕይወት እያሉም የእርስዎ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ንብረት። ዋጋዎቹን አላውቅም፤ ለማሳያ ያህል ኮንዶሚኒየሙን 6 ሚሊዮን፣ መኪናውን 1.5 ሚሊዮን፣ የባንኩን ገንዘብ 900 ሺህ፣ የደብረ ብርሃኑን ቤት 2 ሚሊዮን፣ የባንክ ዕዳውን 600 ሺህ፣ የቀብሩን ወጪ 200 ሺህ ብር እንበል።

መጀመሪያ የጋራው ይለይ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ አይደለም የሚል ካለ ማስረዳት የእሱ ሸክም ነው። ስለዚህ ካርታው በእሳቸው ስም መሆኑ አያስጨንቅዎት። ኮንዶሚኒየም፣ መኪናና የባንኩ ገንዘብ ሲደመሩ 8.4 ሚሊዮን ነው። ቤቱ የተገዛበት ዕዳ የቤተሰቡ ስለሆነ ከዚሁ ከጋራው ይቀነሳል፤ 7.8 ሚሊዮን ይቀራል። ግማሹ 3.9 ሚሊዮን የእርስዎ ነው፤ ይህ ከውርሱ ይወጣል።

የውርሱ ሀብት የባለቤትዎ 3.9 ሚሊዮንና የደብረ ብርሃኑ ቤት 2 ሚሊዮን፣ በድምሩ 5.9 ሚሊዮን ነው። ቤቱን ከአባታቸው ስለወረሱት በትዳር ውስጥ ቢያገኙትም የግላቸው ነው፤ ጎረቤቶችዎ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቀብሩ ወጪ የሚቀነሰው ከዚህ ነው እንጂ ከእርስዎ ግማሽ አይደለም። 5.7 ሚሊዮን ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 1.9 ሚሊዮን ይደርሳል። ትልቁ ልጅም ከእርስዎ ልጆች እኩል ነው።

በልጁ አካሄድ ግን 9.6 ሚሊዮን ለአራት ተካፍሎ ለእርስዎ የሚደርሰው 2.4 ሚሊዮን ነበር። አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚሆነው የራስዎ ገንዘብ ውርስ ተብሎ ይከፋፈልብዎት ነበር ማለት ነው። በነጋዴው አካሄድ ደግሞ 5.3 ሚሊዮን ገደማ ይደርስዎታል፤ ያ የልጆቹን ይነካል።

ከካሊፎርኒያ

ወገኖቼ፣ ለምን ታወሳስቡታላችሁ? እኔ ያለሁበት ግዛት ከባልና ሚስት አንዱ ያለ ኑዛዜ ቢሞት የጋራው ንብረት በሙሉ ለቀረው ነው። ሴትየዋ ሁሉንም መውሰድ አለባት። የኢትዮጵያ ሕግ ሚስትን ይህን ያህል ይበድላል ብዬ አላምንም።

ባለ ጥቁር ካባው

ወንድሜ፣ የእናንተ ግዛትም እኮ መጀመሪያ የጋራውን ይለያል። ልዩነቱ የሟችን ግማሽም ለቀረው የትዳር ጓደኛ ማውረሱ ነው። ቴክሳስ ደግሞ የጋራ ሀብት የሚባለው እያለ፣ ሟች ከሌላ የወለደው ልጅ ካለ የሟች ግማሽ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። የጠየቁት እናት ጉዳይ አዲስ አበባ ነው፤ የሚዳኘውም በዚያው ሕግ ነው።

የጎንደሯ

ልጅ ለሌላቸው ሴቶች ይህ ሕግ መራራ ነው። እህቴና ባሏ ልጅ ሳይወልዱ ረጅም ዘመን አብረው ኖሩ። ባሏ ሲሞት የእሱ እናትና አባት አስቀድመው አርፈው ስለነበር ወንድሞቹና እህቶቹ መጥተው ግማሹን ቤት ጠየቁ። ግማሹ የእሷ መሆኑን ማንም አልካደም፤ የቀረውን ግማሽ ግን የወሰዱት እነሱ ናቸው። እሷ ገዝታ ልታስቀረው አቅም አልነበራትም፤ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ተካፈለ። ሰውየው አንድ ገጽ ኑዛዜ ቢጽፍላት ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር።

ባለ ጥቁር ካባው

የእህትሽ ጉዳይ ሕጉን በትክክል ያሳያል። ልጅ ከሌለ ተራው የወላጆች ነው፤ እነሱ ከሌሉ የሟች ወንድምና እህት በእነሱ ቦታ ይገባሉ። ሚስት ያኔም ወራሽ አይደለችም። በኑዛዜ ግን ሟች የራሱን ግማሽ ለሚስቱ መስጠት ይችል ነበር። የእሷን ግማሽ ለሌላ ሰው መናዘዝ ደግሞ አይችልም፤ እንዲህ ዓይነት ኑዛዜ ይዘው የሚመጡ አሉ።

የኮልፌው ሐጂ

ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢታይ መልሱ የተለየ ይሆናል። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፤ ሟች ልጅ ካለው ከስምንት አንድ፣ ከሌለው ከአራት አንድ ይደርሳታል። ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ በሸሪዓ ለመዳኘት መፍቀድ አለባቸው።

ጠያቂ፦ የገርጂዋ እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለትልቁ ልጅ ይህን ሳሳየው ግማሹን ተቀበለ። አሁን ግን «የኮንዶሚኒየሙ ቅድመ ክፍያ የተከፈለው አባቴ ከመጋባታችሁ በፊት የነበረውን ታክሲ ሸጦ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ የግሉ ነው» ይላል። የታክሲው ነገር እውነት ነው። ሌላው ደግሞ ባንኩ የወራሽነት ማስረጃ አምጪ ብሎኝ፣ ልጆቹ ባወጡት ማስረጃ ላይ የእኔ ስም የለም። ደነገጥኩ።

ባለ ጥቁር ካባው

በሁለተኛው ልጀምር። ስምዎ በማስረጃው ላይ አለመኖሩ ምንም ያጎደለብዎት ነገር የለም፤ ወራሽ ስላልሆኑ ነው። እርስዎ የሚያቀርቡት የጋብቻ ማስረጃዎን ነው። ገንዘቡ በሟች ስም ስለሆነ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲከፍል አይጠብቁ። በስምምነት ካልሆነ የውርስ አጣሪ እንዲሾም ይጠይቁና የጋራ ሀብቱ ተለይቶ ግማሽዎ እንዲወጣ በጽሑፍ ያመልክቱ። ዝም ካሉ አጣሪው በሟች ስም ያገኘውን ሁሉ ውርስ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ሪፖርቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያዩት «የጋራ» እና «የግል» ተብሎ መለየቱን ነው።

ስለ ታክሲው፦ በግል ንብረት ሽያጭ የተገዛ ነገር የግል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 58 ይህ የሚሠራው ከባልና ሚስቱ አንዱ ጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው ይላል። ባለቤትዎ እንዲህ አስወስነው ነበር?

ጠያቂ፦ የገርጂዋ እናት

ኧረ በጭራሽ። ወርሃዊውን ክፍያም ከሁለታችን ደመወዝና ከደብረ ብርሃኑ ቤት ኪራይ ነው ስንከፍል የኖርነው።

ባለ ጥቁር ካባው

እንግዲያው በእኔ እምነት ኮንዶሚኒየሙ የጋራ ነው። ኪራዩም ቢሆን የደብረ ብርሃኑ ቤት የእሳቸው የግል ቢሆን እንኳ በትዳር ዘመን የገባው ገቢ የጋራ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከሞታቸው ወዲህ ያለው ኪራይ ግን የልጆቹ ስለሆነ ለብቻው ያስቀምጡት።

ሕግ ተማሪ

ይቅርታ፣ ትንሽ እለያለሁ። ቤቱ የጋራ ነው ቢባልም የታክሲው ዋጋ ወደ ጋራ ሀብቱ ገብቷል። ልጁ በአባቱ ቦታ ሆኖ ያንን ገንዘብ ከጋራው ላይ አስቀድሞ እንዲመለስ ሊጠይቅ አይችልም? ያኔ ግማሹ የሚሰላው ከቀረው ላይ ይሆናል።

ባለ ጥቁር ካባው

ሊጠይቅ ይችላል፤ የሽያጭ ውሉንና ገንዘቡ ለቅድመ ክፍያው መዋሉን ማስረዳት አለበት። የድሮው ዋጋ ይመለስ ወይስ ዛሬ ባለው ይሰላ የሚለው ግን ያከራክራል፤ እዚህ ሆኜ አልቆርጠውም። ስምምነት ከተፈለገ የሚያዋጣው የመደራደሪያ ነጥብ ይህ ነው እንጂ «ቤቱ የግሉ ነው» የሚለው አይደለም።

የመርካቶ ነጋዴ

እኔ የተዝካሩን ወጪስ ልበል። እሱም ከውርሱ ይቀነሳል አይደል?

ባለ ጥቁር ካባው

ቀብሩ ይቀነሳል፤ ተዝካር ግን በሕጉ በቀብር ወጪ ውስጥ አይቆጠርም። ልጆቹ ከተስማሙ ሌላ ነገር ነው።

እናቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሹ ልጅ 15 ዓመቱ ስለሆነ ሞግዚቱ እርስዎ ነዎት፤ በዚህ ክፍፍል ግን እርስዎና እሱ በአንድ ንብረት ላይ ሁለት ወገን ናችሁ። ስለ እሱ ሆነው ብቻዎን ከፈረሙ ነገ ልጁ ሲያድግ ወይም ትልቁ ወንድሙ ቢቃወም ክፍፍሉ ሊናጋ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚቆም ሌላ ሞግዚት ፍርድ ቤቱ እንዲሾም ከማመልከቻዎ ጋር አብረው ይጠይቁ።