ጥቆማ፦ 0.32 ሚሊ ለሚጎድለው ትንሽ ማሽን የትኛው ሞተርና ድራይቨር? (ደሴ፣ ኮምቦልቻ)

ሆጤ
ማኅተም መቅረጫ ትንሽ ማሽን አለኝ። ሞተሩ ኔማ 17፣ 1.5 አምፒር፤ ድራይቨሩ ኤ4988፤ ፓወሩ 12 ቮልት፤ ማይክሮስቴፑ 16 ላይ ነው። ዘንጉ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ይሄዳል። ቀርጾ ወደ ዜሮ ሲመለስ ኤክስ 0.32 ሚሊ ይጎድላል፣ ሁሌም ወደ አንድ ወገን። ከፍ ያለ ሞተር ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ ድራይቨሩን ልቀይር? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚያስተካክል ካለም ጠቁሙኝ።

ቦርከና
ጥፋቱ የማይክሮስቴፑ ነው። 16 ላይ ጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። 4 ላይ አድርገውና ቲቢ6600 ግዛ፣ ትገላገላለህ።

ሐረጎ
ቦርከና፣ 10 በመቶው ልክ ነው፤ ግን እሱ ለአንዲት ማይክሮስቴፕ ብቻ የሚገኘው ጉልበት ነው። ዘንጉ ከከበደ ሮተሩ በመጀመሪያዋ ላይነቃነቅ ይችላል። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ሲደመሩ ግን ጉልበቱ ያድግና ይሄዳል። ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ስቴፕ አያጠፋም። 4 ላይ ብታወርደው ማሽኑ ይንጫጫል እንጂ ጉድለቱ አይድንም።

ሆጤ፣ ቁጥርህ ራሱ ይናገራል። የኮይሎቹ ከረንት በየ4 ሙሉ ስቴፑ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ፣ ያመለጠው ሮተር የሚይዘው ከ4 ሙሉ ስቴፕ በኋላ ነው። 8 ሚሊ ለ200 ሲካፈል አንድ ስቴፕ 0.04 ሚሊ ነው፣ አራቱ 0.16። ያንተ 0.32 ልክ ሁለት ጊዜ ማምለጥ ነው። ምንም ከመግዛትህ በፊት የድራይቨሩን ቪሬፍ በቴስተር ለካና ከቺፑ አጠገብ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ላይ የተጻፈውን ንገረን።

ጦሳ
የኔም ይስታል፣ ግን 0.5 ሚሊ ነው። ባለ ቺንጊያ ነው፣ ፑሊው 20 ጥርስ። ከረንት ጨምሬ ሞተሩ ከመጋል በቀር ለውጥ የለም።

ሐረጎ
ጦሳ፣ ያንተ ሌላ ነው። ቺንጊያው 2 ሚሊ ጥርስ ያለው ከሆነ አንድ ዙር 40 ሚሊ ነው፤ ማምለጥ ቢሆን ጉድለቱ 0.8፣ 1.6 እያለ ይሄድ ነበር። ፑሊውንና ዘንጉን አንድ ላይ በእስክሪብቶ አስምርና አሠራው። መስመሩ ከተለያየ የፑሊው ብሎን ላልቷል፤ ካልተለያየ የቺንጊያውን ውጥረት እይ። ከረንቱን ወደ ነበረበት መልሰው።

ሆጤ
ፒያሳ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ አስለካሁት፦ 0.4 ቮልት። ሬዚስተሩ R100 ይላል። 0.4ን ያስተካከልኩት ከቪዲዮ አይቼ ነው።

ሐረጎ
የቪዲዮው ሰውዬ ሬዚስተር R050 ሊሆን ይችላል። ለኤ4988 ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
Vref = I * 8 * Rs
```

በR050 0.4 ቮልት 1 አምፒር ይሰጣል፣ በአንተ R100 ግን 0.5 ብቻ። ሞተርህ የሚችለውን ሲሶ እየሰጠኸው ነው የምትወቅሰው። 0.8 ቮልት ላይ አድርገው፣ 1 አምፒር ይሆናል። ሂትሲንክ ለጥፍበት፤ ከዚያ ማለፍ ከፈለግህ ፋን ግድ ነው። ካቻቪቴው የላስቲክ ወይም የሴራሚክ ቢሆን ይሻላል፣ ብረቱ ሾልኮ ጎረቤት እግር ከነካ ድራይቨሩ ያበቃለታል። ፓወር እያለ የሞተር ሽቦ አትንቀል።

ዲአርቪ8825 ቢያቀርቡልህ አይከፋም፣ ግን ቀመሩ ሌላ ነው፤ እዚያ 0.8 ቮልት ማለት 1.6 አምፒር ነው። ሳትለካ አትቀይረው።

ቦርከና
አሁንም ቲቢ6600 እላለሁ። ከረንቱ በስዊች ነው የሚመረጠው፣ ቴስተርም ካቻቪቴም አያስፈልግም። ለሰው የሚሰጥ ማሽን ከሆነ ይሻላል።

ሐረጎ
ስዊቹ መመቸቱ እውነት ነው። ለኔማ 17 ግን ትርፍ ወጪ ይመስለኛል።

ሆጤ
0.8 አደረግሁት። የኤክስ ፍጥነት መጨመሪያው `$120` 100 ላይ ሲሆን አንድም አይስትም። 200 ሳደርገው አልፎ አልፎ 0.16 ይጎድላል።

ሐረጎ
እንግዲህ የሚያመልጠው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ወይ 100 ላይ ተወው፣ ወይ ፓወሩን 24 ቮልት አድርግ። ድራይቨሩ ከረንቱን ስለሚገድብ ኮይሉ አይቃጠልም፣ በፍጥነት ጊዜ ግን ከረንቱ ቶሎ ይሞላል። 24ቱን ለሞተሮቹ ብቻ ስጥ፣ ወደ አርዱይኖው እንዳይገባ።

ከዚያ በፊት ግን ፓወር አጥፍተህ ዘንጉን በእጅህ አዙረው። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ ከ5 ወደ 8 ሚሊ የሚያገናኘውን ኩፕሊንግ እይ። ኮምቦልቻ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ቆንጆ አድርገው ይሠሩታል፣ ግን ድፍን ብረት ነው የሚሰጡህ፤ ሞተሩና ዘንጉ ትንሽ ከተዛነፉ በየዙሩ ይይዛል። ተጣጣፊውን አልሙኒየም ከአዲስ አበባ አስልከህ፣ ቶርኖ ቤቱን ለሞተር ማሰሪያው ሳህን ብትጠቀምበት ይሻላል።

ጦሳ
የኔ መስመር ተለያይቷል። ብሎኑ ነው። ሎክታይት ልቀባው ወይስ ዘንጉን ጠፍጣፋ ላስሞርደው?