ለወንድሜ የሚላክ ስልክ፦ አዲስ፣ የታደሰ ወይስ ሳጥኑ የተከፈተ?

ሄለን፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ አይፎን ላኪልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። አዲሱ ከአቅሜ በላይ ነው። አምራቹ ራሱ አድሶ የሚሸጠው አለ፤ አንድ መደብር ደግሞ ያንኑ ሞዴል ሳጥኑ የተከፈተ ብሎ ትንሽ አርክሶ አቅርቦታል። የትኛው ይሻለኛል?

ዳዊት፦ የታደሰ ማለት ተበላሽቶ የተጠገነ ነው፤ አትንኪው። ሳጥኑ የተከፈተው አዲስ ስለሆነ የአንድ ዓመት ዋስትናው አይነካም።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ዳዊት፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ሳጥኑ የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ገዝቶ የመለሰው ነው። የአፕል ዋስትና የሚቆጠረው ደግሞ ስልኩ ለመጀመሪያው ገዢ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ያ ሰው በመስከረም ገዝቶ መልሶት ከሆነና ሄለን በጥር ብትገዛው ስምንት ወር ያህል ብቻ ሊቀራት ይችላል። ሄለን፣ ከመክፈልሽ በፊት የስልኩን መለያ ቁጥር ጠይቂና checkcoverage.apple.com ላይ አስገቢው፤ ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ያሳይሻል። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ ትተሽው ሂጂ።

አምራቹ ያደሰው አይፎን አዲስ ባትሪና አዲስ የውጭ አካል ተገጥሞለት፣ ከሙሉ የአንድ ዓመት ዋስትና ጋር ነው የሚሸጠው። ዳዊት የሚፈራው ሌላ ሰው ያደሰውን መሆን አለበት፤ እሱ በእርግጥ ያስፈራል። ዋስትናው የሻጩ ነው፣ ሻጩ ሱቁን ከዘጋ ማንን ትጠይቂያለሽ? ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ላይ Settings፣ General፣ About ውስጥ ግቢ፤ ባትሪው፣ ስክሪኑ ወይም ካሜራው ተቀይሮ ከሆነ እዚያ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። Unknown Part ካለ ዕቃው ትክክለኛ የአፕል ዕቃ መሆኑ አልተረጋገጠም ማለት ነው።

እትዬ አልማዝ፦ እኔ ለእህቴ ልጅ የላክሁት አዲስ ነበር፤ ሲም ካርድ ማስገቢያ ግን የለውም! ልጁ እንደ መስተዋት ነው የሚያየው።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ከአሜሪካ ገዝተሽው ይሆናላ፣ አልማዝ። ከአይፎን 14 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። የሚቀበለው ሰው ኔትወርክ ኢሲም እንደሚሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ኔትወርክ የተቆለፈ ስልክም በሌላው ስለማይሠራ እሱንም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ ወንድሜ ጋ ከደረሰ በኋላ ቢበላሽ ዋስትናው ይሠራለታል?

ጋሽ ተስፋዬ፦ አፕል የአይፎን ዋስትና አገልግሎቱን መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ብቻ ሊወስነው ይችላል። ስለዚህ ዋስትናው ለአንቺ እንጂ ለእሱ ብዙም አይጠቅምም።

ዳዊት፦ እንዲህ ከሆነ ስለ ዋስትና ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? ርካሹን ትግዛ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ከመላኳ በፊት ለሁለት ሳምንት ራሷ ትጠቀምበት። ጉድለቱ ቶሎ ከታየ መመለስ የምትችለው እዚህ እያለ ነው።

እትዬ አልማዝ፦ ልጁ አይፎን ምን ያደርግለታል? ገንዘቡን ትላክለትና የሚፈልገውን ይግዛ።

ዳዊት፦ እትዬ፣ እርስዎ ልከው የለም እንዴ?

እትዬ አልማዝ፦ ስለላክሁ ነው የምናገረው።