«ቀናው» ለሚለው ተቃራኒው የቱ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰላም ናችሁ? ታናሽ እህቴን ለፈተና ሳስጠና አንድ ጥያቄ አፋጠጠን። ለመጨረሻው ቃል ተቃራኒ ምረጡ ይላል።

«አዳኙ ቀኑን ሙሉ ሲባዝን ውሎ ማታ ላይ ቀናው።»

ሀ. ጎበጠ
ለ. አቀረቀረ
ሐ. ተመቀኘ
መ. ሳይሳካለት ቀረ

እሷ «ሀ» አለች። እኔም ቀና ማለት ያልጎበጠ አይደል እንዴ ብዬ ጎሽ አልኳት። መልሱ ግን «መ» ነው ይላል። ምኑ ነው ያመለጠን?

ሰምና ወርቅ፦ ቃሉን ነጥላችሁ ስላያችሁት ነዋ። እንጨት ነው የሚጎብጠው፣ ሰውየው አደን ላይ ነው ያለው። ዐውዱን አንብቡ፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ቶሎ ቶሎ፦ ይሄ የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ ነው። ልክ እንደ ዋና። ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው 😄

የድሮ መምህር፦ ቶሎ ቶሎ፣ የዋናው ምሳሌህ ልክ ነው፣ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። «ቀናው» ላይም «ቀናበት» ላይም «ና» ይጠብቃል፣ ስለዚህ ድምፁ አይለይልህም።

ሰምና ወርቅ ደግሞ ግማሹን አግኝተኸዋል። ዐውዱ ጎበጠን ይጥልልሃል፣ ተመቀኘን ግን አይጥልልህም። አዳኙ ባዶ እጁን ሲዞር ውሎ፣ ጓደኛው ድኩላ ጥሎ ሲያገኘው ቢቀናስ? ታሪኩ ይህንንም ይፈቅዳል። የማይፈቅደው የቃሉ ጭራ ነው።

ወደ «እኔ» ለውጡት። «ቀናሁ» ካልኩ ቅናት ይዞኛል፣ ቀኚው እኔ ነኝ። «ቀናኝ» ካልኩ ግን ተሳክቶልኛል። እዚህ ላይ እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ነገሩ ነው የቀናኝ። «ቀና አልኩ» ካልኩ ደግሞ አንገቴን አነሳሁ ማለት ነው። የእኛ አዳኝ «ቀናው» ስለተባለ ራሱ ቢያወራው «ቀናኝ» ነበር የሚለው። አለቀ። (ለሴት ስታደርጉት «ቀናት» ይሆንና ከቀን ብዛት ጋር ይምታታባችኋል፣ ስለዚህ በ«እኔ» ሞክሩት።)

አሁን ምርጫዎቹን ተመልከቱ። ጎበጠ ለቀና እንጨት ተቃራኒ ነው። አቀረቀረ «ቀና አለ» ለሚለው ተቃራኒ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ተቃራኒዎች ናቸው፣ ግን የሌላ «ቀና»። ተመቀኘ ይባስ ብሎ ተቃራኒም አይደለም፣ የቅናቱ «ቀና» ተመሳሳይ ነው። እሱን የመረጠ ልጅ ትርጉሙንም ስቷል፣ የተጠየቀውንም ስቷል።

ብዕሯ፦ ጋሼ፣ እኔን ጉድ የሠራኝ ደግሞ «ከፋው» ነው። «ልጁ የነገሩትን ሲሰማ ከፋው» ይላል፣ እኔ ተቃራኒው «ተሻለው» ነው ብዬ ሞላሁ። በሽታ ሲከፋና ሲሻል ነው በአእምሮዬ የመጣው። መልሱ «ደስ አለው» ነበር። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የድሮ መምህር፦ ያቺ ከቀናው ትከብዳለች። «ከፋኝ» ሲሆን አዘንኩ፣ «ከፋሁ» ሲሆን ክፉ ሆንኩ ነው፣ እስከዚህ ዘዴው ይሠራል። «ተሻለው» ግን እሱም «ው» ይዞ ስለመጣ ዓይንሽ አመነው። ጭራው የሚነግርሽ የተሰመረበትን ቃል ትርጉም ብቻ ነው። መልሱ ያው ጭራ ይኑረው አይኑረው ምንም ማለት አይደለም።

ሰምና ወርቅ፦ እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ግን እኔ የማውቀው ጥያቄ ላይ በ«አቀረቀረ» ፋንታ «ጠመመበት» ነበር የሚለው። ያኔስ? ነገሩ ጠመመበት እንል የለም እንዴ?

የድሮ መምህር፦ እንላለን። እንደዚያ ከሆነ ጥያቄው ተበላሽቷል። አውጪው ጠማማ እንጨት ታይቶት ማሳሳቻ ያስቀመጠ መስሎታል፣ «በት» ሲጨምርበት ግን ሳያውቅ ሁለተኛ መልስ ሠራ። «ጠመመ» ብሎ ቢተወው ኖሮ ደህና ነበር።

ብዕሯ፦ እኔ አልስማማም። ጠመመበት ለማለት መጀመሪያ የያዘው ነገር መኖር አለበት፣ እንደ ክስ፣ እንደ ንግድ። አዳኙ ምንም ሳያገኝ ቢመለስ «ጠመመበት» ትላላችሁ? እኔ አልልም።

ሰምና ወርቅ፦ እኔ እላለሁ።

የድሮ መምህር፦ ብዕሯ ያለችው ያስኬዳል፣ ግን ተማሪ እዚህ ድረስ እንዲሰነጥቅ መጠበቅ ግፍ ነው። ሁለት አዋቂ የሚከራከርበት ምርጫ መውጣት አለበት።

ፊደል ቆጣሪ፦ እህቴ ቀናሁ፣ ቀናኝ እያለች ቤቱን እየዞረች ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን ደግሞ «ጠናበት» ላይ ደርሳለች። ተቃራኒው «ለጋ» ነው ትላለች፣ ዕድሜው የጠና ሰው እያሰበች መሰለኝ። በእርስዎ ዘዴ ልሞክረው ብዬ «ጠናብኝ» አልኩ፣ ሕመም ሆነ። «ጠናሁ» ግን ይባላል እንዴ?